ምዕራፍ 6፦ ጀበናው ሳይሰበር ሀዋሳ ይድረስ

የተሰበረ ዕቃ ሲመለስ ሻጩ ቀድሞ የሚወቅሰው አጓዡን ነው። ዕቃ ሲጫንና ሲወርድ መወርወሩ፣ ከባድ ጭነትም ላዩ ላይ መከመሩ እውነት ነው። ይሁንና የአጓዡን እጅ ማረም አይቻልም፤ ካርቶኑ ላይ «ተሰባሪ ነው» ብሎ መጻፍም ብቻውን አያድንም። ሻጩ ማዘዝ የሚችለው ካርቶኑ ውስጥ ባለው ላይ ነው። እዚያ ሕጉ አጭር ነው፦ ዕቃው የካርቶኑን ግድግዳ አይንካ፣ ከቦታውም አይነቃነቅ።

ከአዲስ አበባ ወደ ሀዋሳ በአውቶቡስ የሚላክ የሸክላ ጀበና እንውሰድ። በመጀመሪያ በጣትዎ ቆርቆር ያድርጉት። ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ የታፈነ ነው። ያንን አይላኩት፣ መንገድ ላይ መለያየቱ አይቀርም።

የጀበና ደካማ ቦታ አንገቱና ጆሮው ነው። ብዙ ሰው ጀበናውን እንዳለ ይጠቀልለዋል፤ ሆዱ ይደገፍና አንገቱ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ካርቶኑ በጎኑ ሲወድቅ የሚቀነጠሰው እሱ ነው። ስለዚህ በጆሮውና በአንገቱ መካከል ያለውን ክፍተት በተጨማደደ ወረቀት ይሙሉ፣ ግን አያስጨንቁት። ከዚያ አንገቱን የሆዱን ውፍረት እስኪያህል ይጠቅልሉት። በመጨረሻ መላ ጀበናውን አየር በቋጠረ ላስቲክ ሁለት ሦስት ዙር ጠቅልለው በፕላስተር ይሰሩት።

ካርቶኑ በሁሉም አቅጣጫ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ክፍተት የሚተው ይሁን፤ ታችኛውንም አይርሱ። ክፍተቱን ጭምድድ ባለ ወረቀት ጠቅጥቀው ይሙሉት። ላላ ብሎ የገባ ጋዜጣ በመንገዱ መንገጫገጭ ወደ ታች ይጠቀጠቅና ከላይ ባዶ ቦታ ይተዋል። ዘግተው ሲነቀንቁት አንዳች ነገር ከተንቀሳቀሰ ከፍተው ይጨምሩ። አሠራሩን ለመፈተን ደግሞ ጉድለት ስላለበት የማይሸጥ ጀበና በዚሁ መንገድ ያሽጉና ከወገብ ከፍታ በመቀመጫው፣ በጎኑና በማዕዘኑ ይጣሉት። ከተረፈ አሠራሩን አይለውጡ።

ስብራት ሲደርስ ገዢው ካርቶኑንም ጀበናውንም ፎቶ አንስቶ እንዲልክልዎ ይጠይቁ። ጆሮው ብቻ ከተቀነጠሰ የጎደለው የጆሮው ሥር ሙሌት ነው። መቀመጫው ከተፈረከሰ የታችኛው ንጣፍ ሳስቷል። ካርቶኑ ምንም ሳይሆን ውስጡ ከተሰበረ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የአስተሻሸጉ ነው፤ ካሳ መጠየቅም ይከብዳል። ካርቶኑ ከተጨፈለቀ ወይም ከተቀደደ ግን የሚያቀርቡት ማስረጃ አለዎት።

ስለዚህ ከመዝጋትዎ በፊትና ከዘጉ በኋላ ፎቶ ያንሱ፣ የአጓዡን ደረሰኝም ይያዙ፤ ገዢው ከመረከቢያው ቦታ ሳይወጣ እንዲከፍተው ይንገሩ። የወረቀቱንና የካርቶኑን ወጪም በጀበናው ዋጋ ውስጥ ያስገቡ። ጀበናው ቢሰበር የሚከፍሉት ሌላ ጀበናና ሌላ የመላኪያ ሒሳብ ነውና፣ በደንብ ማሸግ ይረክሳል።