በስድስት ወር የተገኘ ትምህርት

እ.ኤ.አ. በ2004 ኤሪክ ሪስና ባልንጀሮቹ በካሊፎርኒያ ኢምቩ የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። ሰው በሥዕላዊ አካል ተመስሎ ከወዳጆቹ ጋር የሚጫወትበትን ፕሮግራም፣ በነበሩት የመልእክት መለዋወጫዎች ላይ ተቀጥላ አድርገው ስድስት ወር ደከሙበት፤ ፈላጊ ግን ጠፋ። ሰዎችን ጠርተው ቢያስሞክሩአቸው፣ ወዳጃችሁን ጋብዙ ሲባሉ እንቢ አሉ፤ የሚሹት አዲስ ወዳጅ ነበርና። ስለዚህ ተቀጥላነቱን ትተው ራሱን የቻለ መገናኛ አደረጉት። ዓላማን ሳይለቁ መንገድን እንዲህ ማዞር ፒቮት ይባላል። ከሰዎቹ ቃል ሳይሆን ከአድራጎታቸው የተገኘው ዕውቀት ደግሞ የተረጋገጠ ትምህርት ነው።

ይሁን እንጂ ይህን ለማወቅ ስድስት ወር ባላስፈለገም ነበር። ፕሮግራሙን የሚገልጽና የማውረጃ ቁልፍ ያለበት አንድ ገጽ ቢያወጡ፣ ቁልፉን የሚጫነው ሰው ማነስ ነገሩን በነገራቸው ነበር። አነስተኛ መሞከሪያ ምርት የምንለው ይህንኑ ነው። እኛስ በሴሚናሩ ላቀረብነው አሳብ፣ ተሳስታችኋል የሚለን የትኛው ቍጥር ነው?