የጠቆረውን ፊት የሚያበራው የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ

ፀሐይ ከኋላ መትቷት ፊቷ የጠቆረ ተመራቂ ፎቶ በስልካችሁ ውስጥ አይጠፋም። እሱን በስናፕሲድ ማስተካከል ከቻላችሁ የአንድ ደቂቃ ማስተማሪያ ቪዲዮ በእጃችሁ ነው፤ ዛሬ ማታ ስክሪፕቱን ጻፉና ቅረጹት።

መጀመሪያ አንድ ነገር አስቡ። የዚህ ብልሃት ሥራ ከሞላ ጎደል በጣት ማንሸራተት ነው፤ የስክሪን ቀረጻ ደግሞ ጣት አያሳይም። ተመልካቹ ፎቶው በራሱ ሲበራ ብቻ ያያል፣ ግራ ይገባዋል። ስለዚህ ብዙ የአንድሮይድ መቅጃዎች ላይ ያለውን ንክኪ የማሳያ አማራጭ አብሩት፤ ጣታችሁ ባረፈበት ነጭ ነጥብ ይወጣል። በአይፎን የምትቀርጹ ከሆነ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ በቃል ተናገሩት። መልእክት መሀል ገብቶ እንዳያበላሽ ማሳወቂያም አጥፉ።

ስክሪፕቱ ይኸውላችሁ።

ስክሪን፦ የጠቆረው ፎቶ፣ ሁለት ሰከንድ ያለ ድምፅ።
ድምፅ፦ «ሰማዩ ያምራል፣ የእሷ ፊት ግን የለም። ፊቷን ብቻ እናብራው።»

ስክሪን፦ Tools፣ ከዚያ Selective። ጉንጯ ላይ አንድ ጊዜ ንኩ፤ B የተጻፈባት ክብ ትወጣለች።
ድምፅ፦ «ጉንጭ ላይ እንጂ ዓይን ወይም ፀጉር ላይ አይደለም። መሣሪያው የሚፈልገው ነጥቡ ካረፈበት ቀለም ጋር የሚመሳሰለውን ነው።»

ስክሪን፦ በሁለት ጣት ቆንጥጡ፤ ቀይ ጥላ ይወጣና ይጠባል። ፊቷን ብቻ ሲሸፍን ሁለት ሰከንድ ቁሙ።
ድምፅ፦ «ቀዩ የሚበራው ቦታ ነው።»

ስክሪን፦ አንድ ጣት ወደ ቀኝ፤ Brightness ወደ +40 ይወጣል። ከዚያ የ✓ ምልክት።
ድምፅ፦ «ቀስ በቀስ፤ ቆዳዋ የራሷን መልክ ሲይዝ አቁሙ።»

ቁልፎቹ የሚቀመጡበት ቦታ እንደ ስናፕሲዱ ቨርዥን ሊለያይ ስለሚችል በእናንተ ስክሪን ላይ ያለውን ተከተሉ።

ቪዲዮውን ከሌሎች የሚለየው ቀጥሎ ያለው ነው፤ ስህተቱን ሆን ብላችሁ አሳዩ። ጀማሪ ቁንጠጣውን ዘሎ በቀጥታ ያንሸራትታል። ከተመራቂዋ ኋላ ቡናማ ግንብ ካለ ከቆዳዋ ጋር ስለሚቀራረብ አብሮ ይበራል፣ ጭንቅላቷ ዙሪያ የፈካ ቀለበት ይወጣል። የፎቶው ባለቤት ባይነግራችሁም ያ ቀለበት ፎቶው እንደተነካካ ይናገራል። ስክሪኑ ላይ ቀለበቱን አጉሉት፣ ነጥቡን መልሳችሁ ንኩ፣ ቆንጥጡ፤ ግንቡ ወደ ቀድሞ መልኩ ሲመለስ ተመልካቹ በዓይኑ ያየዋል። ቀለበቱ አሁንም ካልጠፋ Brightnessን ትንሽ ወደ ግራ መልሱት።

ለማሳያ ግን ፊቱ ፈጽሞ የጠቆረ ፎቶ አትምረጡ። ዝርዝር ያልያዘ ጨለማ ሲበራ የሚወጣው ፊት ሳይሆን አሸዋ የመሰለ ነጠብጣብ ነው። ዓይኗና ከንፈሯ በደብዛዛው የሚታዩበትን ውሰዱ።