«ይዞታ» በሚለው ቃል ውስጥ ያሉ ሁለት ነገሮች
(ለአንደኛ ዓመት የሕግ ተማሪ የተዘጋጀ)

በከተማ ዳር ስለሚለማ የጓሮ አትክልት ምክር የሚሰጥ የእርሻ ሠራተኛ ከዘርና ከማዳበሪያ አስቀድሞ የሚገጥመው ጥያቄ «መሬቱ የማን ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች ተደራርበውበታል፤ እነርሱም ባለሀብቱ ማን ነው፣ ባለይዞታው ማን ነው፣ የሚጠቀምበትስ ማን ነው የሚሉት ናቸው። ሦስቱን ሳይለይ ክስ የሚያዘጋጅ ሰው እውነቱ በእጁ እያለ ሊረታ ይችላል። ነገሩን በአንድ ግቢ ምሳሌነት እንመልከተው። ሰዎቹ ለትምህርት የታሰቡ ናቸው።

ግቢው በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ቤቴል በሚባለው ሠፈር ይገኛል እንበል። ርዝመቱ 25 ሜትር፣ ወርዱ 20 ሜትር፣ ስፋቱም 500 ካሬ ሜትር ነው። ካርታው በአንዲት ወይዘሮ ስም የወጣ ሲሆን፣ ቦታው በሊዝ ሳይሆን በነባር ይዞታነት የተያዘ ነው። ወይዘሮዋ በሥራ ምክንያት ሐዋሳ ይኖራሉ። ቤቱን የሚጠብቅላቸው የእኅታቸው ልጅ ነው። ከቤቱ በስተጀርባ ያለውን ጓሮ ደግሞ አንድ አትክልተኛ በዓመት ኪራይ ይዞ ጎመንና ሰላጣ ያመርትበታል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የጀርባ ጎረቤት የቆርቆሮ አጥሩን ነቅሎ በ20 ሜትሩ ወርድ ልክ 2 ሜትር ወደ ጓሮው አስገባው። በዚህም 40 ካሬ ሜትር ከነጎመኑ ተወሰደ። ከሳሽ መሆን የሚችለው ማን ነው? ምን ብሎስ ይከሳል?

ባለሀብቱ ማን ነው?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1204 ባለሀብትነትን በአንድ ግዙፍ ነገር ላይ ሊኖር ከሚችለው መብት ሁሉ የሰፋው ያደርገዋል። ባለሀብት በንብረቱ ይገለገላል፣ ፍሬውን ይሰበስባል፣ ሲፈልግ ይሸጠዋል፣ ይሰጠዋል፣ ይናዘዘዋል። ሕጉ ሲጻፍ መሬትም እንዲህ ያለ ሀብት ነበር፤ ባለርስቱ ባለሀብት፣ ጭሰኛው ደግሞ ተጠቃሚ ነበሩ። ይህ ሁኔታ በ1967 ዓ.ም. በሁለት አዋጆች አበቃ። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት በአዋጅ ቁጥር 31/1967፣ ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ከግል ሀብትነት ወጡ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ መሆኑን፣ መሬትም እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደንግጓል።

እንግዲህ ከግቢው ሰዎች መካከል የመሬቱ ባለሀብት የለም፤ ወይዘሮዋም ቢሆኑ አይደሉም። የእርሳቸው ሀብት ቤቱ ነው። ይኸው አንቀጽ በንዑስ ቁጥር 7 ሰው በመሬት ላይ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በሠራው ቋሚ ንብረትና ባደረገው ማሻሻያ ላይ ሙሉ መብት ይሰጠዋል። ስለሆነም ቤቱን መሸጥ ይችላሉ፤ ባዶውን ጓሮ ለብቻው «ሸጫለሁ» ብለው ቢፈርሙ ግን ውሉ ሕገ ወጥ ነው። በእርግጥ በቤቴል አንድ አሮጌ የጭቃ ቤት በብዙ ገንዘብ ሲሸጥ ገዢው የሚከፍለው ለጭቃው እንዳልሆነ ሻጭም ገዢም ያውቃሉ። ሕጉ ግን የሚያነበው የቤት ሽያጭ ውል ነው። ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ቦታው ለልማት በሚወሰድበት ጊዜ ነው፤ የንብረት ካሳው የሚተመነው ለቤቱ፣ ለአጥሩና ለተክሉ ነው እንጂ የመሬቱ የገበያ ዋጋ አይከፈልም።

ሁለቱ «ይዞታዎች»

ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1140 መሠረት ይዞታ መብት ሳይሆን ድርጊት ነው፤ ሰው ነገሩን በእጁ አድርጎ በእርግጥ ሲያዝበት ባለይዞታ ይባላል። ወረቀት አይጠየቅም። በኋላ የወጡት የመሬት ሕጎች ግን ያንኑ ቃል ወስደው «የይዞታ መብት» ሲሉ፣ መሬቱ የግል ሀብት ሊሆን ስለማይችል በባለሀብትነት ምትክ የቆመውን በሕግ የታወቀ መብት ማለታቸው ነው። የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ የሚመሰክረው ለዚህ ለሁለተኛው ነው። ካርታ የሌለው ሰው በፊተኛው ትርጉም ባለይዞታ ሊሆን ይችላል፤ ካርታ ያለውም ሰው መሬቱን ሌላ ሰው ካስለቀቀው በፊተኛው ትርጉም ይዞታውን አጥቷል።

ወይዘሮዋ ሐዋሳ ሆነው ግቢውን በእጃቸው አድርገዋል ይባላልን? አዎን፤ ቁጥር 1141 ይዞታ በሌላ ሰው አማካይነት ሊሠራበት እንደሚችል ያመለክታል። የእኅታቸው ልጅ ስለ እርሳቸው የያዘ ጠባቂ ነው። አሥር ዓመት ቢኖርበትም ለራሱ መያዝ መጀመሩ ካልተረጋገጠ በቀር መኖሩ ብቻ ባለይዞታ አያደርገውም።

አትክልተኛው ያለው የመጠቀም መብት ነው። መብቱ ከውል የመነጨ ስለሆነ የሚጠይቀው በዋናነት ያከራዩትን ወይዘሮ ነው። ጎመኑን ይቆርጣል፣ ይሸጣል፤ ጓሮውን ግን ለሌላ ሊያስተላልፍ አይችልም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ «አላባ» ከተባለው መብትም ጋር መምታታት የለበትም፤ አላባ በንብረቱ ላይ የተመሠረተ መብት ሲሆን፣ ይህ ግን በሁለት ሰዎች መካከል ያለ ግዴታ ነው።

ክሱ

አጥሩ በሚነቀልበት ሰዓት ጠባቂው ዝም ብሎ ማየት አይኖርበትም። ቁጥር 1148 ባለይዞታውም ሆነ ስለ እርሱ የያዘው ሰው ሁከቱን በኃይል እንዲከላከል ይፈቅዳል። ነገር ግን መከላከሉ ወዲያውኑ መሆን አለበት፤ ኃይሉም ከሁኔታው ማለፍ የለበትም። በማግስቱ ጎረምሳ ሰብስቦ አጥር ማፍረስ ራስን መከላከል አይባልም።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ በቁጥር 1149 የተመለከተው፣ በፍርድ ቤት «ሁከት ይወገድልኝ» የሚባለው ክስ ነው። ከሳሽ የሚያስረዱት ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ጓሮው በእጃቸው እንደነበረና ጎረቤቱ እንደነጠቃቸው። አትክልተኛው፣ የጎመኑ መደብና የአጥሩ አሮጌ ጉድጓዶች ጥሩ ማስረጃ ናቸው። ተከሳሹ ሊያመልጥ የሚችለው ለድርጊቱ መብት እንዳለው ወዲያውኑና በማያጠራጥር ማስረጃ ካሳየ ነው፤ ለምሳሌ 40 ካሬ ሜትሩ በራሱ ካርታ ውስጥ ተካቶ ከተገኘ። «ወደፊት አስረዳለሁ» ማለት አይበቃም።

ክሱ የሚቀርበው ሁከቱ ከተጀመረ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። በዚህ ግቢ ጊዜው የሚያልቀው በኅዳር 2016 ዓ.ም. ነው። ጠባቂው በራሱ ስም ቢከስ «ባለይዞታ አይደለህም» የሚል መቃወሚያ ሊነሣበትና በክርክሩ መካከል ቀኑ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ወይዘሮዋ ራሳቸው መክሰስ፣ አለዚያም የውክልና ሥልጣን ሰጥተው በስማቸው ማስከሰስ ይገባቸዋል።

ቀኑ ቢያልፍስ? በካርታው ላይ የተመሠረተው መብታቸው አብሮ አይጠፋም፤ ክርክሩ ግን ይለወጣል። ከዚያ በኋላ ማን በእጁ አድርጎ ነበር ማለት ብቻውን አይበቃም፤ 40 ካሬ ሜትሩ በካርታቸው ወሰን ውስጥ መሆኑን ማስረዳት ግድ ይሆናል። ለዚህም ከመሬት አስተዳደር መሥሪያ ቤት ማኅደር ቀርቦ፣ ቦታው በባለሙያ ተለክቶ፣ የሁለቱም ጎረቤቶች ካርታ መመሳከር አለበት። በአሮጌ ካርታ ላይ የ2 ሜትር ልዩነት ለማረጋገጥ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ልኬት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። አትክልተኛው በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ሙሉ ኪራይ እየከፈለ የሚያርሰው 40 ካሬ ሜትር የጎደለውን ጓሮ ስለሆነ፣ ኪራዩ እንዲቀነስለት የሚያቀርበው ጥያቄ በጎረቤቱ ላይ ሳይሆን በወይዘሮዋ ላይ ነው።