የሐኪም ቃል እንዴት ይፈታል? ስለ ግሪክና ስለ ላቲን ሥሮች

ከባድ የእንግሊዝኛ የሕክምና ቃል ሲያጋጥመን ብዙዎቻችን የምናደርገው፥ ከቃሉ ውስጥ የምናውቀውን አንድ ቁራጭ ይዘን የቀረውን በግምት መሙላት ነው። ይህ ልማድ ምን ያህል እንደሚያሳስት እኔ ያወቅሁት ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም ወራት በአጎቴ ላይ ባደረስሁት ጥፋት ነው።

አጎቴ የስኳር ሕመምተኛ ስለ ሆኑ በየቀኑ ኢንሱሊን ይወጋሉ። አንድ ቀን ራሳቸውን ስተው ሆስፒታል ገቡና በማግሥቱ ድነው አንድ ወረቀት ይዘው ወጡ። በወረቀቱ ላይ «ሃይፖግላይሲሚያ» የሚል ቃል በእንግሊዝኛ ተጽፎ ነበር። በቤታችን የእንግሊዝኛ አንባቢ እኔ ነኝና ወረቀቱ ለእኔ ተሰጠኝ። እኔም «ግላይ» የሚለውን በኬሚስትሪ ከተማርነው ከግሉኮስ ጋር አዛምጄ፥ «ጋሼ፥ ስኳር በዝቶብዎታል ማለት ነው» ብዬ ፈረድሁ። በዚያው ቀን ስኳሩ ከሻዩ አጠገብ ተነሣ፤ ማሩም ተደበቀ።

ከሦስት ቀን በኋላ አጎቴ ማለዳ መርፌአቸውን ተወግተው፥ ጾም ነው ብለው ሳይቀምሱ ተቀመጡ። ብዙ ሳይቆይ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ላብ አጠመቃቸው፤ ንግግራቸውም ተደነባበረ። ጎረቤታችን ነርስ ናትና ተጠርታ መጣች። ወረቀቱን አየት አድርጋ «ስኳር አምጡ!» ስትል እኔ «የበዛባቸው ስኳር ነው እኮ» ብዬ ልከለክላት ሞከርሁ። እርስዋ ግን አልሰማችኝም። ስኳር በውሃ በጥብጣ አጠጣቻቸውና ከሩብ ሰዓት በኋላ አጎቴ ወደ ልባቸው ተመለሱ። ከዚያም ወደ እኔ ዞር ብላ፥ «ቃሉን ከመካከሉ ነው የጀመርኸው፤ ከመጨረሻው ጀምረህ አንብበው» አለችኝ።

እንግዲህ እንደ ነገረችኝ ከመጨረሻው እንጀምር። የቃሉ ጅራት «ኢሚያ» ነው። ይህ «ሃይማ» ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ደም ነው። በቃል መጨረሻ ሲገባ የመጀመሪያው የ«ሀ» ድምፅ ይጠፋና «በደም ውስጥ ያለ ሁኔታ» የሚል ፍች ይሰጣል። ስለዚህ በ«ኢሚያ» የሚያልቅ ቃል ስናይ፥ ሌላውን ሁሉ ሳናውቅ፥ ነገሩ የደም ነገር መሆኑን እናውቃለን። አኒሚያና ሉኪሚያም እንደዚሁ ናቸው።

መካከለኛው «ግላይስ» ደግሞ «ግሊኪስ» ከሚለው የግሪክ ቃል ነው፤ ትርጓሜውም ጣፋጭ ማለት ነው። ግሉኮስና ግሊሰሪን ከዚሁ ዘር ናቸው። በግሪኩ «ከ» የነበረው ድምፅ በእንግሊዝኛው «ሰ» ሆኖ ስለ ተለወጠ ዘመድነታቸው ለጆሮ አይታወቅም። እስከዚህ ድረስ «ስኳር በደም ውስጥ» አልን። እኔ የደረስሁት እስከዚህ ነበር፤ የቀረውን ከራሴ ጨመርሁበት።

የቀረው መነሻው «ሃይፖ» ነው፤ ነገሩን ሁሉ የሚወስነውም እርሱ ነው። «ሃይፖ» ከታች፥ ከሥር ማለት ሲሆን «ሃይፐር» ከላይ፥ ከልክ ያለፈ ማለት ነው። ስለዚህ ሃይፖግላይሲሚያ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከልክ በታች መውረዱ ነው፤ ሃይፐርግላይሲሚያ ግን ከልክ በላይ መውጣቱ ነው። ሁለቱ ቃላት በአፍ ሲነገሩ የሚለያዩት በአንዲት ድምፅ ብቻ ነው፤ ሕክምናቸው ግን ተቃራኒ ነው።

እነዚህን ሁለት ቃላት እንዳላምታታ እኔ የምጠቀምበት ዘዴ ከሒሳብ ክፍላችን የተገኘ ነው። ከ90 ዲግሪው ማዕዘን ፊት ለፊት የሚገኘውን ረጅሙን ጎን ሃይፖተነስ እንለው የለምን? ቃሉ ግሪክ ነው፤ ፍቹም «ከሥር የተዘረጋ» ማለት ነው። ሃይፐርቦላ የሚባለው የመስመር ዓይነትም «ከልክ አልፎ የተወረወረ» ማለት ነው። ሃይፖተነስን ከማዕዘኑ ሥር እንደ ተኛ አድርጎ በልቡ የሣለ ሰው «ሃይፖ» ወደ ታች መሆኑን አይረሳም። ከቆዳ ሥር የሚወጋው መርፌ በእንግሊዝኛ ሃይፖደርሚክ የተባለውም ስለዚሁ ነው፤ «ደርማ» ቆዳ ነውና።

ለወላጆቻችን የሚጠቅም ስለ ሆነ አንድ ነገር በዚህ ቦታ ልጨምር። ሐኪሞች በስኳር ሕመምተኛ ላይ ሃይፖግላይሲሚያ የሚሉት በአንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ ያለው ስኳር ከ70 ሚሊግራም በታች ሲወርድ ነው። ሕመምተኛው ልቡን ያልሳተና መዋጥ የሚችል ከሆነ 15 ግራም ያህል ስኳር ይሰጠዋል፤ ከ15 ደቂቃ በኋላም እንደ ገና ይለካል፤ ካልተሻለው ይደገምለታል። ራሱን የሳተ ከሆነ ግን ትን ብሎት እንዳይሞት በአፉ ምንም ሳይጨመር ፈጥኖ ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል።

ከመጨረሻው ጀምሮ ማንበብ ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች እንግዳ ነገር መሆን አልነበረበትም። በአማርኛ «የኩላሊት ብግነት» ስንል ዋናው ቃል ብግነት በመጨረሻ ይቀመጣል፤ ገላጩ ኩላሊት ይቀድመዋል። የግሪኩም ቃል «ኔፍራይቲስ» በዚሁ ሥርዓት የተሠራ ነው፤ «ኔፍር» ኩላሊት፥ «አይቲስ» ብግነት። እንግሊዛዊው ግን በራሱ ቋንቋ ሲያብራራው ብዙ ጊዜ «ብግነት የኩላሊት» ብሎ ቅደም ተከተሉን ይገለብጣል። በዚህ ነገር እኛ ከእርሱ እንቀላለን።

ግሪክኛም ቢሆን ለጆሮአችን ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ዘወትር የምንሰማው «ኤጲስ ቆጶስ» የግሪክ ቃል ነው፤ «ኤጲ» በላይ፥ «ስቆጶስ» ተመልካች ማለት ሲሆን፥ በአንድነት «ከበላይ ሆኖ የሚጠብቅ» የሚል ፍች አለው። እዚህ ላይ ደስ የሚለው ነገር እኛ ቃሉን የቆረጥነው ያለ ቦታው መሆኑ ነው፤ የሁለተኛው ቃል መነሻ የነበረችውን «ስ» ለመጀመሪያው ሰጠናት። ያችን «ስ» ወደ ቦታዋ ብንመልሳት «ስቆጶስ» ወዲያው ማይክሮስኮፕን ያስታውሰናል፤ ትንሽ ነገር መመልከቻ ማለት ነው። «ኤጲ» የሚለውም የላይኛውን የቆዳ ሽፋን ኤፒደርሚስ ብለን ስንጠራ ይገኛል። ሐኪሙ በአንገቱ የሚያንጠለጥለው ስቴቶስኮፕ ግን ነገሩን ያስቃል፤ ቃሉ «ደረት መመልከቻ» ይላል፥ መሣሪያው ግን ማዳመጫ ነው። ላኔክ የተባለው የፈረንሳይ ሐኪም በ1816 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሲሠራው ስሙን እንዲህ ብሎ አወጣለት።

አንድን የሰውነት ክፍል ሁለት ስም ይዞ ማግኘት ጀማሪውን ግራ ያጋባዋል። ኩላሊት አንድ ጊዜ «ኔፍር»፥ አንድ ጊዜ «ሬን» ይባላል። የመጀመሪያው ግሪክ፥ ሁለተኛው ላቲን ነው። ምክንያቱም ሂፖክራቲስና ጋሌን ስለ በሽታ በግሪክኛ ጻፉ፤ የአውሮፓ የአካል ጥናት ሊቃውንት ግን በላቲን ይጽፉ ነበር፤ የቬሳሊየስ ታላቁ መጽሐፍም በ1543 በላቲን ታተመ። ስለዚህ ምንም እንኳ ሁልጊዜ ባይሆን፥ አብዛኛውን ጊዜ በሽታው በግሪክኛ፥ አካሉ በላቲን ይጠራል። ወደ ኩላሊት የሚሄደው የደም ሥር «ሬናል አርተሪ» ሲባል፥ የኩላሊት ብግነት ግን ኔፍራይቲስ ነው።

አሁን ደግሞ ሥሩን እያወቁ መሳሳት እንዳለ ልንገራችሁ። አኒሚያ ቃል በቃል «ደም አልባ» ማለት ነው፤ «አን» የሚለው አፍራሽ ነውና። ነገር ግን ደም አልባ ሆኖ የሚኖር ሰው የለም፤ የጎደለው ቀዩ የደም ሕዋስ ወይም በውስጡ ያለው ሄሞግሎቢን ነው። ሉኪሚያም «ነጭ ደም» ማለት ነው። ቪርኾ የተባለው ጀርመናዊ በ1847 ይህን ስም ሲሰጠው በማይክሮስኮፕ ያየው የነጭ ሕዋሳትን መብዛት ነበር። ስሙ የታየውን ይናገራል እንጂ በሽታው ከምን እንደ መጣ አይናገርም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተው ዲያቢተስ የሚለው ነው። እኛ «የስኳር በሽታ» ስለምንለው በቃሉ ውስጥ ስኳር ያለ ይመስለናል፤ የለም። ግሪኩ «አልፎ የሚሄድ» ማለት ነው፤ የሕመምተኛው ሽንት ስለሚበዛ የተጠጣው ውሃ በሰውነቱ ውስጥ ዝም ብሎ የሚያልፍ ይመስላልና። ጣፋጭነቱን የሚናገረው በኋላ የተጨመረው የላቲን ቃል «ሜሊተስ» ነው፤ ፍቹም ማር ያለበት ማለት ነው። ዲያቢተስ ኢንሲፒደስ፥ ማለትም ጣዕም የለሽ፥ የሚባል ሌላ በሽታ አለ፤ እርሱም ሽንት ያበዛል፥ ከስኳር ጋር ግን ግንኙነት የለውም። የፊተኛውን ቃል ብቻ አንብቦ ስኳር የሚከለክል ሰው የእኔን ስሕተት ይደግማል።

በዚህ ዓመት አጎቴ ለምርመራ ሄደው ሌላ ወረቀት አመጡ። በእርሱም ላይ ሦስት ቃላት ነበሩ፦ ኔፍሮፓቲ፥ ኒውሮፓቲ፥ ሬቲኖፓቲ። ፊት ለፊታቸው ምልክት የተደረገበት የመጨረሻው ብቻ ነበር። በዚህ ጊዜ ከመጨረሻው ጀመርሁ። «ፓቲ» ሕመም ነው፤ ከግሪኩ «ፓቶስ»። «ኔፍሮ» ኩላሊት፥ «ኒውሮ» ነርቭ ነው፤ እነዚህንም ለጆሮ ስለሚቀራረቡ ሁለት ጊዜ ፊደል በፊደል አየኋቸው። «ሬቲና» የመጣው መረብ ከሚለው የላቲን ቃል ሲሆን በዓይን ውስጥ በስተኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ክፍል ነው። በመካከል ያለችው «ኦ» ሁለቱን ቃላት ማያያዣ ብቻ ናት፤ ፍች የላትም።

«ጋሼ፥ ምልክቱ ያለው ዓይንዎ ላይ ነው፤ ሌሎቹ ሁለቱ አልተነኩም» አልኋቸው።

«ታዲያ ምን ያህል ተጎድቷል ይላል?»

«ቃሉ ሕመም ከማለት በቀር መጠኑን አይናገርም። እርሱን የዓይን ሐኪሙን እንጠይቃለን።»

አጎቴም ወረቀቱን ተቀብለው አጣጥፈው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱና፥ «መረብ አልህ? እንግዲያው ሐኪሙን የምጠይቀው የትኛው ገመዱ እንደ ተበጠሰ ነው» አሉኝ።