«እርሱን» ማለት የትኛውን ነው?
የጤና ማስታወቂያ ሲጻፍ ስለሚያሳስቱ ተውላጠ ስሞች

መምህራንና ማንበብ የሚያውቁ የከተማ ነዋሪዎች ብዙ ጊዜ ለጎረቤት፥ ለተማሪ ወላጅ ወይም ለማኅበር የጤና ምክር ጽፈው እንዲሰጡ ይጠየቃሉ። በዚህ ወር የምንመለከተው፥ እንዲህ ባለው ጽሑፍ ውስጥ ጸሐፊው ሳያስተውለው የሚገባውን አንድ ጉድለት ነው። ይኸውም «ይህ»፥ «ያ»፥ «የቀረው» የሚሉት ቃላት፥ እንደዚሁም በግሥ መጨረሻ የሚቀጠሉት ትንንሽ ፊደሎች፥ ወደ የትኛው ስም እንደሚመለሱ ሳይታወቅ ሲቀር ነው።

ጉድለቱ ለጸሐፊው የማይታይበት ምክንያት ግልጽ ነው። ጸሐፊው ነገሩን አስቀድሞ ያውቀዋልና «አቀዝቅዙት» ብሎ ሲጽፍ በዐይነ ልቡናው የሚያየው ውሃውን ነው። አንባቢው ግን የሚያየው በወረቀቱ ላይ ያለውን ብቻ ነው። የተጻፈው ቃል ሁለት ትርጉም ቢኖረው ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል፤ የመረጠውም የተሳሳተው እንደ ሆነ አያውቅም። ያልገባው ሰው መልሶ ይጠይቃል፤ በስሕተት የገባው ሰው ግን አይጠይቅም።

የአማርኛችን ጠባይ ለዚህ ጉድለት በር ይከፍታል። «ውሰደው» ሲባል «ው»፥ «ይውሰዱት» ሲባል «ት» የምትመለሰው ወደ ወንድ ጾታ ስም ነው። ውሃ፥ ዱቄት፥ ከረጢት፥ ጣሳ፥ ሕፃን፥ እነዚህ ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ በወንድ ጾታ ይነገራሉ። ስለዚህ አምስቱም በአንድ አንቀጽ ውስጥ ሲገኙ፥ ያች አንዲት ፊደል ከአምስቱ የትኛውን እንደምታመለክት በራስዋ ልትለይ አትችልም።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንመርምር። ተቅማጥ ለያዘው ልጅ የሚሰጠውን የሕይወት አድን ንጥረ ነገር፥ ማለትም ኦ.አር.ኤስ.፥ አዘገጃጀት የሚናገር የሚከተለው ማስታወቂያ ለትምህርት እንዲሆን የተዘጋጀ ነው።

«አንድ ከረጢት ዱቄትና አንድ ሊትር ውሃ ያዘጋጁ። አፍልተው ያቀዝቅዙት። አማስለው ጥቂት ጥቂቱን ለልጁ ይስጡ፤ የቀረውን ለሌላ ጊዜ ያኑሩ። ልጆች ከተጸዳዱ በኋላ በሳሙና ይታጠቡ። ልጁ መጠጣት ሲያቅተው፥ የጠጣውን ሁሉ ሲያስመልስ፥ በሰገራው ደም ሲታይ፥ ሰውነቱ ሲዝል፥ ይህ ሲሆን ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።»

ይህ ጽሑፍ ላይ ላዩን ሲነበብ እንከን የለበትም። ነገር ግን አራት ቦታ ላይ ይሰናከላል።

የመጀመሪያው «አፍልተው ያቀዝቅዙት» የሚለው ነው። ጸሐፊው ውሃውን ማለቱ ነው። ይሁን እንጂ ከፊቱ የተጠሩት ዱቄትና ውሃ ሁለት ናቸው፤ አንባቢዋም ሁለቱን ባንድነት በድስት ጨምራ ብታፈላቸው ትእዛዙን አልጣሰችም። ከተበጠበጠ በኋላ የሚፈላ መጠጥ ግን ውሃው በእንፋሎት ይቀንሳል፤ ጨውና ስኳሩ አይቀንስም። መጠጡም ከሚገባው በላይ ጨዋማ ይሆናል። ጨው የበዛበት መጠጥ በልጁ ደም ውስጥ ያለውን ጨው ከፍ ስለሚያደርግ፥ የተሰጠው ለመርዳት ሲሆን ይጎዳዋል። ማረሚያው «ውሃውን ብቻ አፍልተው ያቀዝቅዙ» ማለት ነው።

ሁለተኛው «የቀረውን» የሚለው ነው። የቀረው መጠጥ ነው ወይስ የቀረው ዱቄት? ቆጣቢ እናት ልጅዋ በአንድ ጊዜ ሊትር ሙሉ እንደማይጠጣ ታውቃለች። ስለዚህ ከዱቄቱ ጥቂት ቆንጥራ በብርጭቆ ውሃ ትበጠብጥና የቀረውን ዱቄት በከረጢቱ ቋጥራ ታኖራለች። እዚህ ላይ ልኩ ይጠፋል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከረጢት 20.5 ግራም ዱቄት የያዘ ሲሆን የተመጠነውም ለአንድ ሊትር ነው። በግምት የተቆነጠረው ዱቄት ቢበዛ መጠጡ ጨዋማ ይሆናል፤ ቢያንስ ደግሞ ልጁ በተቅማጥ ያጣውን ጨው አይተካለትም። አነስ ላለ ውሃ የተመጠነ ከረጢትም ስላለ በከረጢቱ ላይ የተጻፈውን የውሃ ልክ ማንበብ ያስፈልጋል። ማረሚያውም ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ «የከረጢቱን ዱቄት በሙሉ» ብሎ መጻፍ ነው። ሁለተኛ ዱቄቱና ውሃው ከተዋሐዱ በኋላ ለተገኘው አዲስ ነገር ስም ማውጣት ነው፤ ለምሳሌ «መጠጡ» ብንለው፥ ከዚያ በኋላ «የቀረውን መጠጥ» ለማለት እንችላለን። ስም ያልወጣለት ነገር ሁልጊዜ በተውላጠ ስም ይጠራል፤ ግራ መጋባቱም ከዚያ ይነሣል።

ሦስተኛው «ልጆች ከተጸዳዱ በኋላ በሳሙና ይታጠቡ» የሚለው ነው። የሚታጠበው ማን ነው? በአማርኛ ሰውን በአክብሮት ስናዝዝ «እርስዎ ይታጠቡ» እንላለን፤ ስለ ብዙዎች ስንናገርም «እነርሱ ይታጠቡ» እንላለን። ግሡ በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው። እናት ይህን ስታነብ ልጆቹ ይታጠቡ የተባለ ይመስላታል፤ ልጆቹንም ታጥባለች። የራስዋ እጅ ግን ሕፃኑን ካጸዳ በኋላ ሳይታጠብ ወደ ማዕዱ ይሄዳል፤ የተቅማጡም ሕዋስ ከእጅዋ ጋር ወደ ሌሎቹ ልጆች ይሻገራል። ስለዚህ በአክብሮት አነጋገር የሚጻፍ ማስታወቂያ ስለ ልጆች በብዙ ቍጥር ባይናገር ይሻላል። «ልጁን ካጸዱ በኋላ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ» ቢባል፥ «እጅዎን» የሚለው ቃል ከእናቲቱ በቀር ወደ ማንም አይመለስም።

አራተኛውና ከሁሉ የከፋው «ይህ ሲሆን» የሚለው ነው። አራት ምልክቶች ተቈጥረዋል። «ይህ» የሚለው አራቱን ባንድነት ነው ወይስ ከአራቱ አንዱን? አራቱ ባንድነት እስኪታዩ የሚጠብቅ አባት ጽሑፉን በታማኝነት ፈጽሟል፤ ልጁ ግን በመጠባበቅ ላይ እንዳለ ይደክማል። ከአራቱ እያንዳንዱ ብቻውን ልጅን ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ለመውሰድ በቂ ምክንያት ነው። «እነዚህ ምልክቶች ሲታዩ» ብሎ መለወጥም ስሕተቱን አያርመውም፤ «እነዚህ» ራሱ ሁሉንም ሊያመለክት ይችላልና። ማረሚያው «ከእነዚህ ምልክቶች አንዱ ብቻ እንኳ ቢታይ» ብሎ በግልጽ መጻፍ ነው።

እንግዲህ ማስታወቂያው ታርሞ ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል።

፩ኛ፤ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ።
፪ኛ፤ ከአንድ ሊትር ጥቂት ከፍ ያለ ውሃ ያፍሉ፤ ውሃውንም ያቀዝቅዙ።
፫ኛ፤ ከቀዘቀዘው ውሃ አንድ ሊትር ለክተው በንጹሕ ዕቃ ውስጥ ይጨምሩ። ለአንድ ሊትር የተመጠነውን የአንድ ከረጢት ዱቄት በሙሉ በዚሁ ውሃ ውስጥ አድርገው ዱቄቱ እስኪሟሟ ድረስ ያማስሉ። የተገኘው «መጠጥ» ይባላል። መጠጡን በእሳት ላይ አይጣዱ።
፬ኛ፤ ልጁን ቀጭን ሰገራ በወጣው ቍጥር፥ ዕድሜው ከ2 ዓመት በታች ከሆነ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፥ ከ2 እስከ 10 ዓመት ከሆነ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር መጠጥ ቀስ በቀስ ይስጡት። የሚጠባ ልጅ ጡት መጥባቱን አያቋርጥ።
፭ኛ፤ ልጁ ቢያስመልስ 10 ደቂቃ ቆይተው መጠጡን ከበፊቱ ይበልጥ ቀስ እያሉ ለልጁ መስጠትዎን ይቀጥሉ።
፮ኛ፤ የቀረውን መጠጥ ከድነው ያኑሩ። መጠጡ ከተበጠበጠ 24 ሰዓት ሲሞላው የቀረውን መጠጥ ደፍተው አዲስ መጠጥ ይበጥብጡ።
፯ኛ፤ ልጁን ካጸዱ በኋላ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ።
፰ኛ፤ ልጁ መጠጣት ቢያቅተው፥ ወይም የጠጣውን ሁሉ ቢያስመልስ፥ ወይም በሰገራው ደም ቢታይ፥ ወይም ሰውነቱ ቢዝል፥ ከእነዚህ ምልክቶች አንዱ ብቻ እንኳ ቢታይ ልጁን ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱ።

ጽሑፉ ከመጀመሪያው ይልቅ ረዝሟል። የረዘመበት ምክንያት ግን ልኩና ሰዓቱ ስለ ገቡበት ጭምር ነው እንጂ፥ ተውላጠ ስሞችን ማረሙ የጨመረው ጥቂት ቃላት ብቻ ነው። እንዲሁም ተውላጠ ስም ሁሉ ይጥፋ ማለታችን አይደለም። በአራተኛው ተራ «ይስጡት» የምትለዋ «ት» አልተነካችም፤ መጠጥ የሚሰጠው ለልጁ እንጂ ለሌላ ነገር ሊሆን አይችልምና። ሊመለስበት የሚችል አንድ ስም ብቻ ካለ ተውላጠ ስሙን መተው ይገባል፤ ስሙን ያለ ፍላጎት መደጋገም አንባቢን ያሰለቻል።

ጉድለቱን ፈልጎ ለማግኘት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በእርሳስ የሚሠራ ነው። «ይህ»፥ «ያ»፥ «እነዚህ»፥ «ከዚያ»፥ «የቀረው» የሚሉትን ቃላት፥ በግሥ መጨረሻ የሚገኙትንም «ው»ን እና «ት»ን አስምሩባቸው። በእያንዳንዱም ላይ «ማን? ምን?» ብላችሁ ጠይቁ። ከፊቱ ካሉት ስሞች ሁለቱ ስሜት የሚሰጥ መልስ ከሆኑ፥ ተውላጠ ስሙን አውጥታችሁ ስሙን ተኩ። ቅርብ ያለው ስም ይበቃል ብላችሁ አትተማመኑ፤ አንባቢ አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጠው ቅርቡን ሳይሆን ከልማዱ ጋር የሚስማማውን ነው።

ሁለተኛው በሰው የሚፈተን ነው። ጽሑፉን ከዚህ በፊት ላላየ ሰው ስጡትና ከረጢቱን፥ ውሃውንና ዕቃውን በፊቱ አኑሩ። «ገባህ ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ አክባሪ ሰው ሁሉ «አዎን» ይላል። ይልቁንም «እያነበብህ ሥራው» በሉት፤ እናንተም ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። እጁ የሚያመነታበት ወይም ከአሳባችሁ ውጭ የሚሄድበት ቦታ ሊታረም የሚገባው ቦታ ነው።

መልመጃ። በሚከተሉት ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ የሚያሳስተውን ቃል አመልክታችሁ አርሙ።

ሀ. የጀሪካኑን ውሃ ወደ እንስራው ከገለበጡ በኋላ በሳሙና ይጠቡት።
ለ. አባት ልጁን ወደ መጸዳጃ ቤት ወስዶ ሲመለስ እጁን ይታጠብ።
ሐ. በሽተኞች ሲያስሉ አፍንጫና አፍ በመሐረብ ይሸፍኑ።

መልስ። በ«ሀ» «ይጠቡት» የተባለው ጀሪካኑ ነው ወይስ እንስራው አይታወቅም፤ «ባዶውን ጀሪካን በሳሙና ይጠቡ» ይባል። በ«ለ» «እጁን» የአባትየውም የልጁም ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም መታጠብ ስለሚገባቸው «አባትም ልጅም እጃቸውን ይታጠቡ» ይባል። በ«ሐ» «ይሸፍኑ» የሚለው ትእዛዝ ለአስታማሚው ነው ወይስ ለበሽተኞቹ አይለይም፤ «በሽተኛው ሲያስል የራሱን አፍንጫና አፍ በመሐረብ ይሸፍን» ይባል።