የእንሰት ዕድሜና የማስተርስ ዕድሜ፦ በአረካ ቀድሞ ማጥናት ወይስ ቀድሞ መሥራት?

በዕፅዋት ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪውን የያዘ ወጣት ወዲያው ወደ ሁለተኛ ዲግሪ ይግባ ወይስ ጥቂት ዓመታት ሠርቶ ይመለስ የሚለው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘነው በደመወዝ፣ በዕድሜና በቤተሰብ ፍላጎት ነው። በአረካና በአካባቢው እንሰት ላይ ለመመራመር ለሚያስብ ሰው ግን ከእነዚህ የሚቀድም መመዘኛ አለ፤ እርሱም ሰብሉ ለመድረስ የሚወስደው ጊዜ ነው።

የሁለተኛ ዲግሪ መርሐ ግብር በተለምዶ ሁለት ዓመት ይወስዳል። የመጀመሪያው ዓመት በኮርስ ስለሚያልፍ ለመስክ ሥራ የሚተርፈው ጊዜ ከአንድ ዓመት እምብዛም አይበልጥም። እንሰት ግን ችግኙ ከተተከለበት ጊዜ አንሥቶ ለቆጮ እስኪደርስ፣ እንደ ዝርያውና እንደ አካባቢው ከፍታ፣ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈልጋል። በጥቂት ወራት በሚደርሰው ስኳር ድንች ላይ የሚሠራ ተማሪ ይህ ችግር የለበትም፤ በሰብሉ ምክንያት የሚጠብቅበት ነገር ስለሌለ ወዲያው ቢገባ የሚጎዳው የለም።

እንሰትም ቢሆን ሁሉም ጥያቄ ረጅም ጊዜ አይጠይቅም። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 ዓ.ም. መንሥኤውን የገለጹት የእንሰት አጠውላጊ በሽታ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። አንድ ተማሪ የወላይታ ዝርያዎች በሽታውን የመቋቋም አቅም ምን ያህል እንደሆነ ለማወዳደር ፈለገ እንበል። ባክቴሪያው በውኃ ተበጥብጦ በመርፌ በለጋው ቅጠል አገዳ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያም የመጠውለግ ምልክቱ በየሳምንቱ ለሦስት ወር ያህል ይመዘገባል። በሽታውን በመቋቋም የሚታወቀው ማዝያና በቀላሉ የሚጠቃው አርኪያ ለማነጻጸሪያ ይገባሉ፤ ንጹሕ ውኃ ብቻ የተወጋ ተክልም ይኖራል። አርኪያ ሳይጠወልግ ከቀረ የባክቴሪያው ኃይል ደካማ ነበርና ስለ ሌሎቹ ዝርያዎች ምንም ማለት አይቻልም። ውኃ የተወጋው ከጠወለገ ደግሞ በቢላዋ ወይም በመርፌ ብክለት ደርሷል ማለት ነው። በሁለቱም ሁኔታ ሙከራው ይደገማል፤ የሚጠይቀውም ተጨማሪ ሦስት ወር ነው።

ጊዜው የሚባክነው ከዚህ በፊት ባለው ደረጃ ነው። ችግኝ የሚገኘው የእናት ተክሉ ግንድ ተቆርጦ፣ መሐከለኛው እምቡጥ ወጥቶ፣ አሚቾው በአፈር ውስጥ ከተቀበረ በኋላ ነው፤ ለሙከራ እስኪበቃም አንድ ዓመት ገደማ ያልፋል። የጥናት ንድፉ እስኪጸድቅ የሚጠብቅ ተማሪ በእጁ ችግኝ ሳይኖር ሁለተኛውን ዓመት ይጀምራል። በመጀመሪያው ዓመት ከበልግ ዝናብ አስቀድሞ አሚቾ ያስቀበረ ግን በጊዜው ይደርሳል። እርግጥ ነው፣ በለጋ ችግኝ ላይ የተገኘ ውጤት በገበሬው ጓሮ አራት ዓመት የሞላውን ተክል ሙሉ በሙሉ አይወክልም፤ መደምደሚያውም በዚሁ መጠን ሊገደብ ይገባል።

የምርት ጥያቄ ግን የተለየ ነው። የቆጮ ምርትን በዝርያ ወይም በተክል ርቀት ማወዳደር የሚቻለው ቀድሞ የተተከለ ሙከራ ሲኖር ብቻ ነው። ከተለያዩ የእንሰት አብቃይ አካባቢዎች የተሰበሰቡ ዝርያዎች የሚጠበቁበት የአረካ ግብርና ምርምር ማዕከል ለእንዲህ ያለ ሰው የሚመረጥ የሥራ ቦታ ነው። ጥቅሙም ውሂብ ከማግኘት ያለፈ ነው። በረጅም ሙከራ የሞቱ ተክሎች በአዲስ ይተካሉ፤ በዚህም የተነሣ በአንድ መደብ ውስጥ የአምስትና የሦስት ዓመት ተክሎች ጎን ለጎን ሊገኙ ይችላሉ። ኮምፒዩተር ላይ በተገለበጠው ሠንጠረዥ ይህ አይታይም። ዝቅተኛው ምርት የዝርያው ደካማነት ይመስላል እንጂ የተተካው ተክል ለጋነት አይመስልም። በመስኩ የዋለ ሰው ግን የትኛው መቼ እንደተተካ ያውቃል፤ ቢያንስ የመስክ መዝገቡን ከፍቶ ማየት እንዳለበት አይጠፋውም።

ስለዚህ ሥራን ማስቀደም የሚያዋጣው ሥራው ከጥያቄው ጋር ሲገናኝ ነው። በባንክ ወይም በሌላ መሥሪያ ቤት የሚያልፉ ዓመታት ሌላ ጥቅም ይኖራቸው ይሆናል፤ ለእንሰት ምርት ጥናት ግን አንድም የተተከለ መደብ አያስገኙም። በተቃራኒው የቀበሌ ልማት ሠራተኛ ሆኖ በቦሎሶ ሶሬ የገበሬ ጓሮ የተመላለሰ ሰው፣ ሙከራ ባይተክልም፣ የተከላ ዘመንና የበሽታ ታሪክ የሚያውቁ አባወራዎችን ይዞ ወደ ትምህርት ይመለሳል። መዘግየት የሚያስከፍለውም አለ፦ ስታትስቲክስ ይረሳል፣ በመሥሪያ ቤት ወጪ የሚማር ሰውም ተመልሶ ለማገልገል ውል ይፈርማል።

በምርምር ተቋም ለመቀጠር የሚያስብ ተመራቂ ከመፈረሙ በፊት ሁለት ነገር ቢጠይቅ ይበጀዋል። አንደኛው፣ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት የሞላው የእንሰት ሙከራ በመስክ ላይ መኖሩን ነው። ሁለተኛው፣ ውሂቡ የተቋሙ ንብረት በመሆኑ ለመመረቂያ ጽሑፍ እንዲጠቀምበት በጽሑፍ ይፈቀድለት እንደሆነ ነው። የሙከራው መሪ ተመራማሪ ሊዛወር ስለሚችል የቃል ፈቃድ ብቻውን አይበቃም።