የሚንሸራተተው መሰላል፦ ከዴሪቬቲቭ በፊት እኩልዮሹን መጻፍ

5 ሜትር ርዝመት ያለው መሰላል ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። እግሩ በሰከንድ 0.5 ሜትር ፍጥነት ከግድግዳው እየራቀ ነው። ርቀቱ 3 ሜትር በሆነበት ቅጽበት የመሰላሉ ጫፍ በምን ፍጥነት ይወርዳል? ብዙ ተማሪ እዚህ ጥያቄ ላይ የሚሰናከለው 3ን ያለጊዜው ስለሚያስገባው ነው።

ደረጃ 1። ሥዕሉን ይሳሉ። ግድግዳው፣ ወለሉና መሰላሉ ቀጤ ማዕዘን ያለው ጎነ ሦስት ይሠራሉ። ቀጥሎ እያንዳንዱን ጎን “ይህ በሚቀጥለው ሰከንድ ይለወጣል ወይ?” ብለው ይጠይቁ። የመሰላሉ ርዝመት አይለወጥም፤ ስለዚህ 5 ብለው ይጻፉበት። ከግድግዳው እስከ እግሩ ያለው ርቀትና የጫፉ ከፍታ ግን በየቅጽበቱ ይለወጣሉ፤ ለእነሱ x እና y ይስጧቸው። 3 ሥዕሉ ላይ አይገባም። ለጊዜው ዳር ላይ “x = 3 ሲሆን” ብለው ያስቀምጡት።

ደረጃ 2። የተሰጠውንና የተፈለገውን በምልክት ይጻፉ። የተሰጠው dx/dt = 0.5፣ የተፈለገው dy/dt ነው።

ደረጃ 3። x እና yን የሚያገናኘውን እኩልዮሽ ይጻፉ። በፓይታጎረስ ቲዎረም፦

x² + y² = 25

ይህ እኩልዮሽ መሰላሉ እየተንሸራተተ ሳለ በማንኛውም ቅጽበት እውነት ነው። ዴሪቬቲቭ የሚነግረን ስለ ለውጥ በመሆኑ፣ የምንወስደውም እንዲህ ካለው እኩልዮሽ ብቻ ነው። አሁኑኑ x = 3 ብናስገባ 9 + y² = 25 ይሆናል። ከዚያ ዴሪቬቲቩን ስንወስድ 2y(dy/dt) = 0፣ ማለትም dy/dt = 0 እናገኛለን። እግሩ እየሸሸ ጫፉ ንቅንቅ አይልም ማለት ነው። ሊሆን አይችልም! ዜሮ ካገኙ ቁጥሩን አስቀድመው አስገብተው እንደሆነ ይፈትሹ።

ደረጃ 4። ሁለቱንም ወገን ከጊዜ አንጻር ዲፈረንሺዬት ያድርጉ፦

2x(dx/dt) + 2y(dy/dt) = 0

x በጊዜ ስለሚለወጥ dx/dt አብሮት መምጣቱን አይርሱ።

ደረጃ 5። አሁን 3ን ከዳር ያምጡት። ከደረጃ 3 እኩልዮሽ y = 4 ነው። ስለዚህ፦

dy/dt = −(3/4)(0.5) = −0.375

ጫፉ በሰከንድ 0.375 ሜትር ይወርዳል፤ የኔጌቲቭ ምልክቱ y እየቀነሰ መሆኑን ያሳያል። መልሱን ለማረጋገጥ 0.1 ሰከንድ ወደፊት ይሂዱ። ያኔ x = 3.05፣ y ደግሞ ወደ 3.962 ይጠጋል። ጫፉ 0.038 ሜትር ያህል ወርዷል፤ ይህም በሰከንድ 0.38 ገደማ ነው።

ልብ ይበሉ፦ dy/dt = −(x/y)(dx/dt) ስለሆነ y ወደ ዜሮ ሲጠጋ ፍጥነቱ ያለ ገደብ ያድጋል። እውነተኛ መሰላል እንዲህ አይፈጥንም። ወለሉ አጠገብ ሲደርስ ወይ ጫፉ ግድግዳውን ይለቃል፣ ወይ እግሩ በዚያው በ0.5 ፍጥነት መሸሹን ያቆማል፤ እኩልዮሹም ከዚያ በኋላ አይሠራም።